አልበላሁም ብዬ ኢንሱሊኔን ልዝለል? ጉንፋን ይዞኝ ስኳሬ 301 የገባ ቀን

ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሶቹ 18 ደርሰዋል፤ መሃል ላይ ጭቅጭቅም አለበት። አዲስ ለሚገባ ሰው ሁሉንም ማንበብ ስለሚያደክም፣ ማን ምን እንዳለ በተራ ቁጥሩ እዚሁ አናቱ ላይ ጽፌዋለሁ። እኔ ላይ የደረሰውም አለበት።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህን ነበር። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር አለብኝ፣ 9 ዓመት ሆኖኛል። ጉንፋን ከያዘኝ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ትኩሳቴ 38.4 ነው፣ ጉሮሮዬ ስለቆሰለ ከትናንት ጀምሮ ምግብ የሚባል አልወረደልኝም። ሳልበላ ከተወጋሁ ስኳሬ ይወርድብኛል ብዬ የትናንት ማታውን 22 ዩኒት ኢንሱሊን ዘለልኩት። ጠዋት ስለካው 289። ቀኑን ውሃ ብቻ ስጠጣ ዋልኩና ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ስለካው 301። በባዶ ሆድ እንዴት ስኳር ይወጣል? ዛሬ ማታስ ልወጋ ወይስ ልዝለል? የምወስዳቸውን ኪኒኖች ግን አልጻፍኩም። ያ ትልቅ ስህተት እንደነበር በኋላ ታያላችሁ።

1ኛው መልስ የመጣው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። እግዜር ይማርህ ብሎ ጀመረ፣ በጣም ትሁት ሰው ነው። ማታ መዝለሌ ትክክል እንደነበር፣ ምግብ ሳይኖር መድኃኒት መውሰድ ስኳርን አውርዶ ሰው እንደሚጥል ጻፈ። እሱ ራሱ እንደዚያ ሆኖ ያውቃል። ዛሬም ዝለለው፣ ምግብ ሲከፈትልህ ትጀምራለህ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ መስማት የፈለግኩትን ነው የነገረኝ።

2ኛዋ ግን የስኳር ክሊኒክ ውስጥ ለብዙ ዓመት የሠራች ነርስ ናት። ከዚህ በኋላ ነርሷ ስል እሷን ነው። በአክብሮት ግን በቀጥታ 1ኛውን አረመችው። ሰውነት ሲታመም ስኳርን የሚያወጡ ሆርሞኖች እንደሚለቅ፣ ጉበት ደግሞ ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም እንደሚለቅና ተጨማሪም እንደሚሠራ አስረዳች። በዚያ ላይ ኢንሱሊን ራሱ በትኩሳት ጊዜ እንደ ወትሮው አይሠራም። ስለዚህ ሆዴ ባዶ ቢሆንም ጉበቴ ሌሊቱን ሙሉ ሲመግበኝ አድሯል ማለት ነው። የማታው ረጅም ሰዓት የሚሠራው ኢንሱሊን ደግሞ ዋና ሥራው የምበላውን መቆጣጠር አይደለም። ይህንን የጉበት ስኳር መያዝ ነው። ከምግብ ጋር የሚወጉት አጭሩ ኢንሱሊን ሌላ ነው፣ እሱ በምግቡ ልክ ይቀነሳል ወይም ይዘለላል። የማታው ግን በሕመም ቀን ጭራሽ አይተውም፤ መጠኑን መቀነስም ሆነ መጨመር ካስፈለገ ልኬቱን ያየ ሐኪም ይወስናል። መጨረሻ ላይ ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። ሌላ ምን መድኃኒት ትወስዳለህ? ሰውነት በስኳር ፋንታ ስብ ሲያነድ የሚወጣውን ኪቶንስ ለክተሃል? ሁለቱንም ሳላይ ለሰዓት ያህል ተኛሁ።

3ኛዋ የ11 ዓመት ልጅ እናት ናት። ልጇ የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር አለባት። የጻፈችውን ሳነብ ውስጤ ተነካ። አምና ልጅቷ በሆድ ሕመም ስታስመልስ አድራ ምንም ስላልበላች፣ እናት አዝና የማታውን ኢንሱሊን አልወጋቻትም። ጠዋት ልጅቷ ሆዴን ትላለች፣ እንደሮጠ ሰው በጥልቁና ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች። እናት የሆዱ ሕመም የባሰ መስሏታል። ሆስፒታል ሲደርሱ ኪቶአሲዶሲስ ነው፣ ኪቶን በዝቶ ደሟ አሲድ ሆኗል ተባለ፣ ሁለት ቀን የጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኙ። አሁን ልጇ ባስመለሰች ቁጥር የምታደርገው የመጀመሪያው ነገር ኪቶን መለካት ነው። ማስመለሱ የኪቶን ምልክት ሊሆን እንደሚችል ያን ቀን ነው ያወቀችው።

4ኛው ጥያቄዬን ጭራሽ አላነበበውም መሰለኝ። ጉንፋኑን በምን ልገላገል ያልኩ መስሎት፣ በቀን 2000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲና አፍንጫ የሚከፍት ኪኒን ውሰድ አለኝ። በቅንነት ነው የጻፈው፤ ግን ወደኋላ ችግር አመጣ።

5ኛው ተቆጣ። 1ኛውን ሰው እንዲህ ያለ ምክር ሰው ይገድላል፣ የማታውቀውን አትጻፍ ብሎ ጮኸበት። ሐሳቡ ልክ ነበር፣ አነጋገሩ ግን ልክ አልነበረም። 6ኛው ላይ 1ኛው ሰው ተመልሶ ራሱን ተከላከለ። የሚወስደው ግሊቤንክላሚድ የሚባል ኪኒን ነው። አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዞት ሳይበላ ኪኒኑን ውጦ ስኳሩ 48 ገብቶ ወድቋል፣ ያገኙት ጎረቤቶቹ ናቸው። ነርሷ እዚህ ላይ ለእሱ ቆመች። ያ ኪኒን ሰው በላም አልበላም ቆሽትን ኢንሱሊን አውጣ እያለ ስለሚያስገድድ፣ ምግብ ለቆመበት ሰው በእርግጥ አደገኛ ነው አለች። ስህተቱ የራሱን ኪኒን ልምድ ለሰው ኢንሱሊን መስጠቱ ብቻ ነው። 5ኛው ሰው ግን ይቅርታ አልጠየቀም፤ እስካሁን ዝም ብሏል።

በ7ኛው እኔ ተመለስኩና ዝርዝሩን ጻፍኩ። ጠዋትና ማታ ሜትፎርሚን 1000፣ ጠዋት ኢምፓግሊፍሎዚን 10 ሚሊግራም፣ ማታ የ22 ዩኒቱ መርፌ። ዛሬ ጠዋትም ሁለቱንም ኪኒን በባዶ ሆድ ውጫለሁ። ቤት ውስጥ የሽንት ኪቶን ስትሪፕ ስለነበረኝ ሞከርኩት፣ ትንሽ ብቻ ነው ያሳየው፣ አንድ መደመሪያ። ስኳሬም ወደ 246 ወርዷል። በራሱ እየተስተካከለ ነው ብዬ ጻፍኩ።

8ኛው የነርሷ መልስ ነው። በእኔ አስተያየት የዚህ ክር ልቡ ይኸው ነው። የኢምፓግሊፍሎዚንን ስም ስታይ አጻጻፏ ተለወጠ። ይህ ኪኒን ስኳርን በሽንት በኩል ያፈሳል። ስለዚህ መለኪያው ላይ የማየው ቁጥር እውነተኛውን ችግር ይሸፍነዋል። ስኳሬ 246 የሆነው ስለተሻለኝ ላይሆን ይችላል፤ ወደ ሽንት ስለተደፋ ሊሆን ይችላል። ከስር ግን ሰውነቴ ኢንሱሊን ስላጣና ምግብ ስላልገባለት ስብ እያነደደ ነው፣ ከዚያ የሚወጣው ኪቶን ደሙን አሲድ ያደርገዋል። በዚህ ኪኒን ላይ ያለ ሰው ስኳሩ 200 አካባቢ ሆኖ እንኳ ኪቶአሲዶሲስ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ድንገተኛ ክፍልም ቢሄድ ስኳርህ ብዙም አልወጣም ተብሎ የሚሸኝበት ጊዜ አለ። ኪኒኑ ውሃም አብሮ ስለሚያስወጣ ድርቀቱን ያባብሰዋል።

የሽንት ስትሪፑንም አታምነው አለችኝ። ሽንት የሚያሳየው ከሰዓታት በፊት የነበረውን ነው። ዋናውን የኪቶን ዓይነትም አይለካም። በዚህ ኪኒን ላይ ደግሞ ኩላሊት ኪቶኑን መልሶ ስለሚይዘው ውጤቱ ከእውነቱ ያነሰ ሊመጣ ይችላል። ከጣት ደም የሚለካ የኪቶን መለኪያ ፈልግ አለችኝ። ቁጥሩ ከ0.6 በታች ከሆነ ደህና ነው። ከ0.6 እስከ 1.5 ከሆነ በሁለት ሰዓት ውስጥ ድገመው። 1.5 ካለፈ ሐኪምህን ያኔውኑ ደውል። 3 ከደረሰ ጥያቄ የለውም፣ ድንገተኛ ክፍል ነው።

እኔ ከዚያ የያዝኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው። አልበላሁም የሚለው አንድ ምክንያት ለሁለቱ መድኃኒቶቼ ተቃራኒ መልስ አለው። አልበላሁም ብዬ መተው የነበረብኝ ኢምፓግሊፍሎዚኑን ነው፤ እኔ ግን እሱን ውጬ ኢንሱሊኑን ተውኩ። ልክ በግልባጩ። ሜትፎርሚንን በተመለከተ፣ ውሃ እየጠጣሁ ስለሆነና ስለማላስመልስ ለጊዜው ብቀጥል ችግር የለውም ብላለች። ማስመለስ ወይም ተቅማጥ ከጀመረኝ ግን እሱም ይቆማል፤ ኩላሊት በድርቀት ሲደክም መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ይከማቻል።

9ኛው ሰው ጥሩ ክርክር አነሳ። ነርሷ ፈሳሽ ስትለኝ፣ በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ፣ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ካልወረደ በትንሽ በትንሹ ጠጣ ብላ ነበር። ከዚያ ውስጥም ስኳር ያለው ነገር ይኑርበት፣ በየሦስት አራት ሰዓቱ 45 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይግባልህ ብላለች፤ ጁስ ከሆነ ወደ ሁለት ብርጭቆ መሆኑ ነው። 9ኛው ሰው ስኳሩ 246 ለሆነ ሰው ጁስ መስጠት እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው አለ። እሱ በሐኪሙ የተነገረው ከ250 በላይ ከሆነ ውሃና ስኳር የሌለው ፈሳሽ ብቻ፣ ወደ 180 ሲወርድ ደግሞ ስኳር ያለው እንዲጀምር ነው። ነርሷ ያ መመሪያ ምግብ ለሚበላ ሰው ልክ ነው አለች። ምንም ለማይበላና ኪቶን ለጀመረው ሰው ግን ኪቶኑን የሚያቆመው ኢንሱሊንና ካርቦሃይድሬት አብረው ሲገቡ ነው። ካርቦሃይድሬት ከሌለ ኢንሱሊኑን በበቂ መውጋት አይቻልም፣ ስኳር ይወርዳል። 9ኛው አልተቀበለም። ኢንሱሊን ሳይወጋ ጁሱን ብቻ የሚጠጣ ሰው አንብቦ ይጎዳል አለ፤ ይህ ፍርሃቱ እኔም ልክ ይመስለኛል። ቁርጥ ያለ መስመሩ የት ላይ እንደሆነ ሁለቱ አልተስማሙም። እኔም አልፈርድም።

10ኛውና 11ኛው ከርዕሱ ወጡ። አንዱ የእሱ መለኪያ 16 ሲል የእኔ 289 የሚለው ለምን እንደሆነ ጠየቀ። አሃዱ የተለያየ ነው፤ የእኔን ለ18 ማካፈል ነው። ሌላው ጁስ በነካ ጣት ለክቶ 390 አይቶ ሊሞት ደርሶ እንደነበር፣ እጁን ታጥቦ ሲደግመው 170 እንደሆነ ጻፈ። ያን ካነበብኩ በኋላ ሳልታጠብ ለክቼ አላውቅም።

12ኛዋ ፋርማሲስት ናት፣ ወደ 4ኛው ምክር ተመለሰች። አፍንጫ የሚከፍቱት ኪኒኖች ውስጥ ሱዶኤፌድሪን ወይም ፌኒልኤፍሪን አለ፣ ስኳርንም የደም ግፊትንም ያወጣሉ። የሳል ሽሮፕ ውስጥ ያለው ስኳር ብዙ ሰው እንደሚፈራው አይደለም፣ በማንኪያ የሚወሰድ ስለሆነ መጠኑ ትንሽ ነው። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በቂ ነው። አይቡፕሮፌን ግን ለደረቀ ሰው፣ በተለይ እንደ ኤናላፕሪል ያለ የግፊት መድኃኒት ወይም ውሃ የሚያሸና ኪኒን ለሚወስድ፣ ኩላሊት ይጎዳል አለች። ቫይታሚን ሲው ደግሞ ቆዳ ላይ የሚለጠፉ አንዳንድ ሴንሰሮችን ያሳስታል። በቀን ከ500 ሚሊግራም በላይ ሲወሰድ ቁጥሩን ከእውነቱ ከፍ አድርገው የሚያሳዩ አሉ። በሐሰት ቁጥር ኢንሱሊን የጨመረ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ አስቡት። 4ኛው ሰው አመስግኖ ጽሑፉን አስተካከለ። እንዲህ ነው እንጂ!

13ኛው ቆጣ ያለ ነው። ምን እዚህ ታወራላችሁ፣ ሰውየው ሆስፒታል ይሂድ፣ አለቀ አለ። 14ኛው መለሰለት፦ ለእያንዳንዱ ጉንፋን ሆስፒታል የሚሄድ የለም፣ የሚጠቅመው መቼ እንደሚኬድ ማወቅ ነው። ሁለቱ ለጥቂት መልእክት ተጎሻሸሙ። ነርሷ ገብታ አስታረቀቻቸው። ፈሳሽ ለአራት ለአምስት ሰዓት ሆድ ውስጥ ካልቆየ፣ ትንፋሽ ጥልቅና ፈጣን ከሆነ፣ ሆድ ከታመመ፣ ሰውዬው ድንዝዝ ካለ ወይም ግራ ከገባው፣ ሕክምና ቢደረግም ስኳሩ ከ300 አልወርድ ካለ ያኔ አይጠበቅም።

ይህ ሁሉ ሲጻፍ እኔ የደም ኪቶን መለኪያ አግኝቼ እየለካሁ ነበር። ከምሽቱ 1 ሰዓት። ስኳር 238፣ ኪቶን 1.9።

ቁጥሩን ሳየው ደነገጥኩ። ስኳሬን ብቻ ብለካ ኖሮ እየተሻለኝ ነው ብዬ እተኛ ነበር። የማቅለሽለሽ ስሜት ነበረኝ፣ እሱንም የጉንፋኑ መስሎኝ ነው። ሐኪሜ ጋ ደወልኩ። 22 ዩኒቱን አሁኑኑ ተወጋ፣ ኢምፓግሊፍሎዚኑን አትንካ፣ ጁስ ያዝና ቶሎ ወደ ድንገተኛ ክፍል ና፣ የምትወስደውን ኪኒን በሩ ላይ ንገራቸው አለኝ። መንገድ ላይ ኪኒኑን በወረቀት ጽፌ ያዝኩ። መጀመሪያ ያየኝ ሰው በእርግጥ ስኳርህ ብዙም አይደለም ብሎ ወረፋ ሊያስይዘኝ ነበር። ወረቀቱን ሳሳየው ደም ተወሰደ። ደም አሲድ ሲሆን የሚወርደው ባይካርቦኔቴ 19 ነበር፤ ኪቶአሲዶሲስ ለመባል ከ18 በታች መውረድ አለበት። ለጥቂት ነው ያመለጥኩት። በደም ሥር ፈሳሽ፣ ከዚያ ግሉኮስና ኢንሱሊን አንድ ላይ ሰጡኝ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ኪቶኔ 0.6 ሆነ፣ ወደ ቤቴ ገባሁ።

15ኛው ላይ ይህን ጻፍኩ። ብዙ ሰው እንኳን ተረፍክ አለኝ፤ 1ኛው ሰው በግል መልእክት ይቅርታ ጠየቀኝ። አልተቀየምኩትም። በማግስቱ ጠዋት ግን ኪቶኔ እንደገና 0.9 ሆነ። እንዴት ብዬ ተመለስኩ። ነርሷ በ16ኛው መለሰችልኝ፦ ኪኒኑን ማቆም ማለት ከሰውነት ወጣ ማለት አይደለም። ሥራው ለቀናት ይቀጥላል፤ ከቀዶ ሕክምና በፊት እንኳ ቢያንስ ከ3 ቀን አስቀድሞ እንዲቆም የሚደረገው ለዚህ ነው። ስለዚህ ኪቶን መለካቱ ስኳር ስለተስተካከለ ብቻ አይቆምም። በየአራት ሰዓቱ ለካሁ፣ ሾርባና ጁስ በትንሽ በትንሹ ወሰድኩ፣ የማታውን መርፌ አልዘለልኩም። በሁለተኛው ቀን 0.3 ገባ። ምግብ በደንብ ከጀመርኩ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሐኪሜን ጠይቄ ኢምፓግሊፍሎዚኑን መልሼ ጀመርኩ። ማታ ላይ የምወስደውን ኢንሱሊን ለሦስት ቀን 24 አድርጎልኝ ነበር፤ ትኩሳቱ ሲጠፋ ወደ 22 መለሰው። አንዳንዱ የጨመረውን መመለስ ይረሳና ከዳነ በኋላ ስኳሩ ይወርድበታል።

17ኛዋ ስለ አባቷ ጠየቀች። 74 ዓመታቸው ነው፣ ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ውሃ የሚያሸና የግፊት ኪኒን ይወስዳሉ፣ ጉንፋን ይዟቸዋል፣ መለኪያው ደግሞ ቁጥር ማሳየት ትቶ ከአቅሜ በላይ ነው የሚል ምልክት አወጣባቸው። አባቷ ግን ውሃ አልጠማኝም፣ እንቅልፍ ብቻ ነው የያዘኝ ይሏታል። ነርሷ መልሷን አላስረዘመችም። ኪቶን ሳይኖርም ስኳር ከ600 አልፎ ሰውነትን አድርቆ ሰውን ወደ ሰመመን ሊከት ይችላል። በዚያ ዕድሜ ጥማት አይታመንም፣ እንቅልፉም እንቅልፍ ላይሆን ይችላል። አሁኑኑ ይዘሻቸው ሂጂ አለቻት። ልጅቷ በማግስቱ ተመልሳ ሆስፒታል እንደተኙ፣ አሁን እንደሚያወሩ ጻፈችልን።

18ኛው ትናንት ነው የገባው፣ እስካሁን መልስ አላገኘም። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጋውን ሴማግሉታይድ የሚወስድ ሰው ነው። ጉንፋን ይዞታል፣ የምግብ ፍላጎቱ ከመርፌው የተነሳ ድሮውንም ትንሽ ነው፣ የመርፌው ቀን ደግሞ ነገ ነው። ሳይድን ይወጋ ወይስ ቀኑን ይግፋው? ሐኪሙ ጋ ዛሬውኑ እንዲደውል ነግሬዋለሁ። በዚህ መርፌ ላይ ሆናችሁ የታመማችሁ ካላችሁ ምን እንደተነገራችሁ ጻፉለት። ነርሷም ብታየው ደስ ይለኛል።